ሥልጠናው ወጪውን መልሷል? ጥቅሙን በገንዘብ ተምኖ ወደ አሁን ዋጋ የማምጣት አሠራር

«ሥልጠናው አልቋል፣ ብዙዎቹ ሠልጣኞች ሥራ ይዘዋል፣ ገቢያቸውም ከፍ ብሏል። ታዲያ የወጣው ገንዘብ ተመልሷል ማለት ነው?» በመንግሥት ወጪ የሚካሄድ ሥልጠናን የሚገመግሙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው። አብዛኞቹ ከባዱ ነገር የወደፊቱን ገንዘብ ወደ አሁን ዋጋ መቀነሱ ይመስላቸዋል። ቅነሳው ግን በኤክሴል አንድ መስመር ነው። መልሱን ከአዋጪ ወደ አክሳሪ የሚገለብጡት ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ሥልጠናው ባይኖር ኖሮ ሰዎቹ ምን ያገኙ ነበር? የገቢ ጭማሪውስ ስንት ዓመት ይቆያል? ይህ መመሪያ ጊዜ የሚሰጠውም ለእነዚህ ነው።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ምሳሌ እንከተላለን። ሥልጠናው የስድስት ወር የሙያ ሥልጠና ሲሆን በዓመት አንድ ዙር ብቻ ይሰጣል። መሥፈርቱን ያሟሉት አመልካቾች 400፣ ቦታው 200 ስለነበረ የሚገቡት በዕጣ ተለይተዋል። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ የእርስዎን መረጃ በቦታቸው ያስገቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የፕሮግራሙ የሂሳብ መዝገብ። የሚፈለገው የወጣው ገንዘብ እንጂ የጸደቀው በጀት አይደለም።
- የተመዘገቡ ሠልጣኞች ሙሉ ዝርዝር፣ መሐል ላይ ያቋረጡትን ጨምሮ።
- የማነጻጸሪያ ቡድን ዝርዝር። በምሳሌያችን ዕጣ ያልወጣላቸው 200 አመልካቾች ናቸው።
- የሁለቱም ቡድኖች የገቢ መረጃ፦ ከሥልጠናው በፊት፣ በሥልጠናው ወቅት፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ ለሁለት ዓመት።
- የየዓመቱ የዋጋ ግሽበት መጠን።
- ሥራውን ያዘዘው መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት የቅናሽ ምጣኔ፣ ማለትም የወደፊቱ ገንዘብ ወደ አሁን ዋጋ ሲመጣ በየዓመቱ የሚቀነስበት መቶኛ።
- ኤክሴል ወይም ተመሳሳይ የሰንጠረዥ ፕሮግራም።

1. በማን በኩል ሆነው እንደሚያሰሉ ይወስኑ

ሦስት ዓይነት ሂሳብ አለ፦ የሠልጣኞቹ፣ የመንግሥት እና የሁለቱ ድምር የሆነው የኅብረተሰቡ ሂሳብ። አስቀድሞ መወሰን የሚያስፈልገው አንዱ ብር በአንዱ ሂሳብ ወጪ፣ በሌላው ገቢ፣ በሦስተኛው ደግሞ ዜሮ ሊሆን ስለሚችል ነው። ለሠልጣኞች የሚከፈለው የኪስ ገንዘብ እንዲህ ነው፤ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል፣ ሠልጣኙ ኪስ ይገባል፣ ኅብረተሰቡ ግን በዚህ የተነሳ አልከሰረም አላተረፈምም። ግብርም እንዲሁ ነው። ስሌቱን የምንጀምረው በኅብረተሰቡ ሂሳብ ነው፤ ክፍፍሉን በ8ኛው ደረጃ እናወጣለን።

2. ሥልጠናው ባይኖር ኖሮ የሚገኘውን ገቢ ይለኩ

ሠልጣኞቹ ከመግባታቸው በፊት በነበረው ዓመት በአማካይ 14,000 ብር፣ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ 31,000 ብር አገኙ እንበል። ልዩነቱ 17,000 ነው። ብዙ ሪፖርቶች ይህንን «የሥልጠናው ውጤት» ብለው ያቀርባሉ፤ ስህተት ነው። ዕጣ ያልወጣላቸውም አመልካቾች ከ14,000 ተነስተው በዚያው ዓመት 22,000 ደርሰዋል። ስለዚህ ከ17,000ው ውስጥ 8,000ው ያለ ሥልጠናም ይመጣ ነበር። የሥልጠናው ድርሻ 31,000 ሲቀነስ 22,000፣ ማለትም 9,000 ብር ነው።

ይህ የሚሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሰው ለሥልጠና የሚያመለክተው ብዙ ጊዜ ሥራ ባጣበት ወይም ገቢው በወደቀበት ሰሞን ነው። ከወደቀበት ደግሞ ከፊሉን በራሱ ጊዜ ያገግማል። ኢኮኖሚስቱ ኦርሊ አሽንፌልተር በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ስላሳየው፣ ይህ ከሥልጠና በፊት የሚታይ የገቢ መውረድ በሙያው በእርሱ ስም ይጠራል። ከጉድጓዱ ወለል ተነስተው ከለኩ ማገገሙን ሁሉ ለሥልጠናው ይሰጡታል።

ዕጣ ካልነበረ በዚያው ወር ሥራ ፈላጊ ሆነው የተመዘገቡ፣ በዕድሜ፣ በትምህርትና በሥራ ልምድ የሚመሳሰሉ ሰዎችን ይፈልጉ። የሚመሳሰሉ መሆናቸውን የሚያረጋግጡት ባለፈው ዓመት ገቢያቸው ብቻ ሳይሆን በሦስትና አራት ዓመት የገቢ ታሪካቸው ነው። ለአንድ ዓመት የወደቀና ሁልጊዜም ዝቅተኛ የነበረ ሰው በዚያች አንዲት ዓመት ላይ እኩል ይታያሉ፤ ወደፊታቸው ግን የተለያየ ነው።

> ጥንቃቄ፦ ቦታ ተሰጥቷቸው እምቢ ያሉትን የማነጻጸሪያ ቡድን አያድርጉ። ብዙዎቹ እምቢ ያሉት የተሻለ ሥራ አግኝተው ነው፤ ወይም መማር በማይችሉበት ሁኔታ ላይ ስለነበሩ ነው።

አማካዩን ሲያወጡ የተመዘገቡትን ሁሉ ይቁጠሩ፤ ሥራ ያላገኘው በዜሮ ይገባል። በምሳሌያችን 160ዎቹ ጨርሰው በአማካይ 35,000፣ ያቋረጡት 40ዎቹ ደግሞ 15,000 አግኝተዋል፤ የ200ው አማካይ 31,000 የሆነው በዚህ ነው። የጨረሱትን ብቻ ብንወስድ ልዩነቱ ወደ 13,000 ያብጣል። ዕጣ ካልወጣላቸው መካከልም ቢገቡ ያቋርጡ የነበሩ አሉ፤ እነርሱን ለይተን ማውጣት ስለማንችል ከዚህኛውም ወገን ማውጣት የለብንም።

3. ወጪውን ሙሉ በሙሉ ይሰብስቡ

| የወጪ ዓይነት | ብር |
|---|---|
| የአሠልጣኞች ክፍያ | 1,900,000 |
| አላቂ ዕቃዎች | 950,000 |
| የማሽኖች የአንድ ዓመት ድርሻ | 650,000 |
| የሕንፃው ኪራይ ግምት | 500,000 |
| ምልመላና አስተዳደር | 800,000 |
| ድምር | 4,800,000 |

ለ200 ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 24,000 ብር ነው። ማካፈያው የተመዘገቡት ቁጥር ነው፤ ጥቅሙን በተመዘገቡት አካፍለው ወጪውን በጨረሱት ካካፈሉ ሁለቱ አይገናኙም።

ሕንፃው የመንግሥት ስለሆነ ኪራይ አልተከፈለበትም፤ ቢሆንም ለሌላ ተግባር ሊውል ይችል ስለነበረ በአካባቢው የኪራይ ዋጋ ይገመታል። ማሽኖቹ 3,000,000 ብር የተገዙና 6 ዓመት የሚያገለግሉ ናቸው። ዋጋውን በቀጥታ ለ6 ማካፈል የታሰረውን ገንዘብ ወጪ ይረሳል፤ ዓመታዊ ድርሻውን በዚህ ቀመር ያውጡ፦

```
=PMT(8%,6,-3000000)
```

8 በመቶው በ6ኛው ደረጃ የምናወጣው የቅናሽ ምጣኔ ነው። ውጤቱ 648,946 ነው፤ ወደ 650,000 አጠጋግተነዋል።

ከመዝገቡ ውጭ ያለው ትልቁ ወጪ ሠልጣኞቹ በመማር ላይ ሳሉ ያጡት ገቢ ነው። በእነዚያ ስድስት ወራት ዕጣ ያልወጣላቸው በአማካይ 9,000 ብር ሲያገኙ ሠልጣኞቹ በትርፍ ጊዜ ሥራ 2,000 ብቻ አገኙ፤ የታጣው 7,000 ብር ነው። በማንም ደረሰኝ ላይ ስለማይገኝ ይረሳል። ሠልጣኞቹ ከኪሳቸው ያወጡትን 1,000 ብር የመጓጓዣ ስንጨምር የኅብረተሰቡ ወጪ በነፍስ ወከፍ 24,000 + 7,000 + 1,000 = 32,000 ብር ይሆናል። የኪስ ገንዘቡ (6,000 ብር) እዚህ አይገባም።

4. ጥቅሙን በገንዘብ ይተምኑ

ኅብረተሰቡ የሚያተርፈው ተጨማሪ ምርት ነው፤ የምርቱ መለኪያ ደግሞ አሠሪው ለሠራተኛው ሲል የሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ግብር ከመቀነሱ በፊት ያለውን ደመወዝ ይውሰዱ፤ የአሠሪውን የጡረታና የመሳሰለውን መዋጮ ይጨምሩ። መዋጮው 10 በመቶ ከሆነ 9,000 ብር ወደ 9,900 ያድጋል።

በሁለተኛው ዓመት ሠልጣኞቹ 33,400፣ ሌሎቹ 24,400 አግኝተዋል። የሁለቱም ገቢ አድጓል፤ ልዩነቱ ግን አሁንም 9,000 ነው። የሚመዘገበው ልዩነቱ እንጂ ዕድገቱ አይደለም።

የጤና መሻሻል፣ የወንጀል መቀነስና የመሳሰሉት በሰንጠረዡ የሚገቡት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነቱ በቁጥር ከተለካና ለአንዱ ክስተት አስተማማኝ የገንዘብ ግምት ካለ ነው። ካልሆነ ከሰንጠረዡ ሥር በቃላት ይጻፉ። ለ«በራስ መተማመን» የዘፈቀደ ዋጋ መስጠት የተለካውንም ቁጥር ተአማኒነት ያሳጣል።

5. ጭማሪው የሚቆይበትን ጊዜ ይወስኑ

የተለካው ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግምት ነው። 9,900ውን እስከ ጡረታ ዕድሜ መዘርጋት የትኛውንም ሥልጠና አዋጪ ያስመስላል። ጭማሪው ሊመናመን የሚችልበት ምክንያት አለ፦ የማነጻጸሪያው ቡድን በሥራ ላይ እየተማረ ይደርሳል፣ የተማሩት ቴክኒክ ያረጃል፣ ከሠልጣኞቹም ሙያውን የሚቀይሩ ይኖራሉ። በተቃራኒው በመጀመሪያው ዓመት ዝቅ ብሎ በኋላ የሚጎላ ውጤትም ያጋጥማል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ተነስተው ስለ ስድስት ዓመት አይፍረዱ።

በምሳሌያችን ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ጭማሪው በየዓመቱ 20 በመቶ እንዲቀንስና ከስድስተኛው ዓመት በኋላ እንዲቆም አድርገናል። 20 በመቶው ግምት መሆኑን በሰንጠረዡ ላይ ለብቻው በአንድ ሳጥን ያስቀምጡት፤ በ9ኛው ደረጃ ይነካካል።

6. ገንዘቡንና ምጣኔውን አንድ ዓይነት ያድርጉ

ሁሉንም ቁጥሮች ወደ አንድ ዓመት ዋጋ ያምጡ፤ በምሳሌያችን ሥልጠናው ወደተሰጠበት ዓመት። በሁለተኛው ዓመት የተከፈለውን ደመወዝ በመካከል በነበረው የዋጋ ጭማሪ፣ ለምሳሌ ግሽበቱ በየዓመቱ 10 በመቶ ከሆነ በ1.1 × 1.1፣ ያካፍሉ ማለት ነው፤ የምሳሌያችን ገቢዎች ግን አስቀድመው በዚህ ዋጋ የተጻፉ ናቸው። ከዚህ በኋላ መጠቀም ያለብዎት ግሽበት የወጣለትን ምጣኔ ነው፦

```
r = (1 + n) / (1 + g) - 1
```

`n` የገበያው ወለድ፣ `g` ግሽበት፣ `r` ግሽበት የወጣለት ምጣኔ ነው። ወለዱ 18.8፣ ግሽበቱ 10 በመቶ ከሆነ `r` 8 በመቶ ነው።

> ጥንቃቄ፦ በቋሚ ዋጋ የተጻፈን ጥቅም በ18.8 በመቶ መቀነስ ግሽበቱን ሁለቴ ማውጣት ነው። በምሳሌያችን የጥቅሙ የአሁን ዋጋ ወደ 26,800 ይወርድና ያተረፈው ሥልጠና ከ5,000 ብር በላይ የከሰረ ይመስላል።

ምጣኔውን ራስዎ አይምረጡ። ያዘዘው መሥሪያ ቤት የራሱ ካለው እሱን ይውሰዱ፤ የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስቴር ለምሳሌ ለመንግሥት ፕሮጀክቶች ግሽበት የወጣለትን 3.5 በመቶ ያዛል። የተወሰነ ምጣኔ የሚያስፈልገው የተለያዩ ፕሮግራሞች በአንድ መስፈሪያ እንዲለኩ ነው።

7. ወደ አሁን ዋጋ ይቀንሱ

ሥልጠናው ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ ወጪውን በሙሉ በዓመት 0 እናስቀምጣለን። ሥልጠናው ሁለት ዓመት የሚፈጅ ቢሆን የሁለተኛው ዓመት ወጪም መቀነስ ነበረበት። የየዓመቱ ጥቅም፣ 1.08 በዓመቱ ቁጥር ያህል ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል፤ በሰንጠረዡ ያለው ማባዣ 1 ለዚሁ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው፦

| ዓመት | ጥቅም | ማባዣ | የአሁን ዋጋ |
|---|---|---|---|
| 1 | 9,900 | 0.9259 | 9,167 |
| 2 | 9,900 | 0.8573 | 8,488 |
| 3 | 7,920 | 0.7938 | 6,287 |
| 4 | 6,336 | 0.7350 | 4,657 |
| 5 | 5,069 | 0.6806 | 3,450 |
| 6 | 4,055 | 0.6302 | 2,555 |
| ድምር | | | 34,604 |

34,604 ሲቀነስ 32,000፣ የተጣራው የአሁን ዋጋ በነፍስ ወከፍ 2,604 ብር ነው፤ ለ200ው 520,800። በኤክሴል ወጪውን (-32000) በ`B2`፣ ጥቅሞቹን ከ`B3` እስከ `B8` አስገብተው፦

```
=B2+NPV(8%,B3:B8)
```

`B2` ከቅንፉ ውጭ የሆነው `NPV` የሚሰጡትን የመጀመሪያ ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚመጣ ስለሚቆጥረው ነው። ወደ ውስጥ ካስገቡት የዛሬውም ወጪ ይቀነስና 2,411 ያገኛሉ። ቀመሩ ምንም የስህተት ምልክት ስለማያሳይ በእጅ ከሠሩት ሰንጠረዥ ጋር ያመሳክሩ።

ጥቅምን ለወጪ አካፍሎ 1.08 ማለትም ይቻላል፤ ግን ተጠንቅቀው። የኪስ ገንዘቡን በወጪም በጥቅምም በኩል የጻፈ ሰው 40,604ን ለ38,000 አካፍሎ 1.07 ያገኛል። የተጣራው ዋጋ በሁለቱም 2,604 ነው፤ ስለዚህ ለውሳኔ የተጣራውን ይያዙ።

8. ማን እንዳገኘ፣ ማን እንደከፈለ ይለዩ

የገቢ ግብሩ 10 በመቶ ነው እንበል። የደመወዙ ጭማሪ ብቻ (መዋጮው ሳይገባ) የአሁን ዋጋው 31,458 ስለሆነ ግብሩ 3,146 ነው። መዋጮውን የሠልጣኙ የወደፊት ጡረታ አድርገን ለእርሱ ቆጥረነዋል፤ በታጣው 7,000 ላይ ደግሞ ግብር አይከፈልበትም ብለናል።

| | ሠልጣኝ | መንግሥት | ኅብረተሰብ |
|---|---|---|---|
| የሥልጠና ወጪ | 0 | −24,000 | −24,000 |
| የኪስ ገንዘብ | +6,000 | −6,000 | 0 |
| የታጣ ገቢ | −7,000 | 0 | −7,000 |
| መጓጓዣ | −1,000 | 0 | −1,000 |
| ደመወዝና መዋጮ | +34,604 | 0 | +34,604 |
| ግብር | −3,146 | +3,146 | 0 |
| ውጤት | +29,458 | −26,854 | +2,604 |

እያንዳንዱ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ መደመር አለበት። የማይደመር ረድፍ ካገኙ አንድ ነገር በአንድ ወገን ብቻ ተጽፏል ማለት ነው። ሰንጠረዡ ሌላም ነገር ያሳያል፦ «መንግሥት በግብር ያስመልሰዋል» የሚለው አባባል እዚህ እውነት አይደለም፤ ከ30,000ው የሚመለሰው 3,146 ብቻ ነው።

9. ግምቶቹን አንድ በአንድ ይፈትኑ

አንዱን ግምት ብቻ ይቀይሩ፣ ሌላው ሳይነካ ይቆይ፤ ያኔ ውጤቱን የሚያናውጠው የትኛው እንደሆነ ይለያል።

- የሚቆይበት ጊዜ። ጭማሪው በአራተኛው ዓመት ቢያበቃ ኪሳራው 3,400 ብር ነው፤ አምስተኛውን ዓመት ቢጨርስ ወጪው ለጥቂት ይመለሳል። ስድስቱንም ዓመት ሳይመናመን ቢቆይ ትርፉ ወደ 13,770 ይዘላል።
- ምጣኔው። በ4 በመቶ ትርፉ ወደ 6,900፣ በ12 በመቶ ኪሳራው ወደ 1,070 ነው። የማሽኖቹም ዓመታዊ ድርሻ ከምጣኔው ጋር ስለሚለዋወጥ ሁለቱን በአንድ ሳጥን ያያይዟቸው።
- የሌላውን ቦታ መውሰድ። ሠልጣኙ የያዘው ሥራ ሌላ ሰው ይይዘው የነበረ ከሆነ ኅብረተሰቡ ያተረፈው ያነሰ ነው። የማነጻጸሪያው ቡድን ይህንን አያሳይም፤ ተጎጂው ከሁለቱም ዝርዝር ውጭ ሊሆን ይችላልና። በፈረንሳይ ለተማሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች በተሰጠ የሥራ ማፈላለግ ድጋፍ ላይ የተደረገና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከውጤቱ ከፊሉ በሌሎች ኪሳራ የመጣ እንደነበር አሳይቷል። እዚህ ከጥቅሙ 10 በመቶው እንዲህ ቢሆን 31,144 ይቀርና ሥልጠናው 856 ብር ይከስራል።
- የናሙናው ስፋት። የግለሰቦች ገቢ ከአማካዩ የሚርቅበት መለኪያ፣ ማለትም መደበኛ ልይይቱ፣ 20,000 ብር ከሆነ፣ በየወገኑ 200 ሰው ይዘን የ9,000ው ልዩነት የስህተት ህዳግ ወደ 4,000 ገደማ ነው። እውነተኛው ከ5,000 እስከ 13,000 ሊሆን ይችላል፤ የተጣራው ውጤትም በዚያው ልክ ከ12,800 ኪሳራ እስከ 18,000 ትርፍ ይዘረጋል።

የመጨረሻው ፈተና ከሁሉ የሰፋ ስለሆነ ሪፖርቱ ላይ 2,604ን ብቻ አይጻፉ። መመለሻ ነጥቡን ጨምረው ያቅርቡ፦ ሌላው ግምት ባለበት ከቆየ ሥልጠናው ወጪውን የሚመልሰው ዓመታዊ የደመወዝ ልዩነቱ ቢያንስ 8,323 ብር ሲሆን ነው። አንባቢው የተለካውን 9,000ና ህዳጉን ከዚህ ጋር አስተያይቶ ይፈርዳል።

ውጤቱ እንግዳ ሲሆን መጀመሪያ የሚፈተሸው

ጥቅሙ የወጪውን ብዙ እጥፍ ከሆነ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛው ወይም በ5ኛው ደረጃ ነው፤ ከበፊት ወደ በኋላ ተለክቷል፣ ወይም የሠልጣኙ ሙሉ ደመወዝ እንደ ጥቅም ገብቷል፣ ወይም ጭማሪው ሳይመናመን ተዘርግቷል። ኪሳራው ከተጠበቀው በላይ ከሆነ ምጣኔው ግሽበት የወጣለት መሆኑን፣ የኪስ ገንዘቡ በኅብረተሰቡ ወጪ ውስጥ አለመግባቱን፣ ለዓመታት የሚያገለግሉ ማሽኖችም በአንድ ዙር ላይ ሙሉ ዋጋቸው አለመጫኑን ይመልከቱ። ለመንግሥት የሚቀርለት የሥራ አጥነት ድጎማ ካለ ደግሞ በ8ኛው ደረጃ ሰንጠረዥ ለመንግሥት ሲደመር ለሠልጣኙ መቀነሱን ያረጋግጡ፤ በኅብረተሰቡ ዓምድ ላይ ዜሮ ካልሆነ ሁለቴ ተቆጥሯል።